ዝላዩ ሳያልቅ፦ ከቀረጻው ውስጥ ተምኔልና መክፈቻ ማውጣት

ስብስብ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ተምኔሉን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው። ክሊፖቹ ተቀጣጥለው፣ ድምፁ ተስተካክሎ፣ ፋይሉ እየተጫነ ሳለ ዩቲዩብ በራሱ ከሚያቀርባቸው ሦስት ፎቶዎች አንዱን ነካ አድርጎ ይገላገላል። መክፈቻው ደግሞ የሚሽከረከር አርማና «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይሆናል። እዚህ የማሳያችሁ አሠራር ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ አንድ ፍሬም ይታደናል፤ ፍሬሙ ተምኔል ይሆናል፤ መክፈቻው ከዚያው ፍሬም ላይ ይነሣል፤ የቀረው ቪዲዮ ከዚያ በኋላ ይሰደራል።

ምሳሌያችን የጎንደር ጥምቀት ይሁን። ከጥር 10 የከተራ ዕለት እስከ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ድረስ እናንተና ጓደኞቻችሁ በስልክ የቀረጻችኋቸው ክሊፖች አሉ እንበል። ታቦታቱ ሲወጡ፣ ካህናቱ ሲዘምሙ፣ ሌሊቱን ሻማ ሲበራ፣ በማግሥቱ ጠዋት የፋሲለደስ መዋኛ ውሃ ከተባረከ በኋላ ወጣቶች ከግንቡ ጠርዝ እየተወረወሩ ሲገቡበት። ከዚህ ሁሉ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል የሚሆን ቪዲዮ ሊወጣ ነው።

ክሊፑ ከየት መጣ?

ፎቶ ለማውጣት ስትሉ ክሊፖቹን እንደገና ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይጨመቃል። ሲጫወት ደህና ይመስላል፤ አንድ ፍሬም አቁማችሁ ስታዩት ግን የሰው ፊት ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ፣ የነጠላው ጥለት ይቀላቀላል። ጓደኛችሁ ክሊፑን በፋይል መልክ ይላክላችሁ፤ ያኔ ከስልኩ እንደወጣ ይደርሳችኋል። ለሁሉም ክሊፖች ባትችሉ እንኳ ለተምኔል ለታጩት ሁለት ሦስቱ ይህን አድርጉ።

ቀጥሎ የምስሉን ስፋት እዩ፤ ከፍሬሙ ምን ያህል ቆርጣችሁ ልታስቀሩ እንደምትችሉ የሚወስነው እሱ ነው። የተምኔል የተለመደ ልክ 1280 በ720 ፒክስል ነው። በ4ኬ የተቀረጸ ፍሬም ወርዱ 3840 ስለሆነ አንድ ሦስተኛውን ወርድ ብቻ ብታስቀሩ እንኳ ይበቃል፤ ርቆ የቆመን ዘላይ አቅርባችሁ ልታሳዩ ትችላላችሁ። ወርዱ 1920 የሆነ ቀረጻ ከሆነ ግን ከሁለት ሦስተኛው በታች ስትቆርጡ ምስሉን እየለጠጣችሁት ነው ማለት ነው። በዚሁ ልክ ስልክ ቀጥ ተደርጎ የተቀረጸው ደግሞ የባሰ ነው፤ ወርዱ 1080 ብቻ ስለሆነ ከእሱ ላይ አግድም ስትቆርጡ ከሚያስፈልገው በታች ይሆናል። ጥቂት መለጠጥ ዓለም አያጠፋም፤ ሁለት አማራጭ ካላችሁ ግን አግድም የተቀረጸውን ያዙ።

ፍሬሙን ማደን

ጥሩ ፍሬም የሚባለው ያልተጨረሰ ድርጊት የያዘ ነው። ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ገብቷል፤ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር የለም። ጠርዙ ላይ የቆመ ደግሞ ገና ምንም አላደረገም። መሀል አየር ላይ ያለው ግን ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፣ አልደረሰም። ዓይን እዚያ ላይ ይቆማል። ለከበሮ መቺው ያው ነው፤ እጁ ቆዳው ላይ ካረፈበት ይልቅ ከፍ ካለበት ፍሬም ይሻላል። ለሻማውም፣ ነበልባሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ያለው ይመረጣል።

መሀል አየር ላይ ስንል የትኛዋ ቅጽበት ናት? የዝላዩ ጫፍ፣ ሰውየው ወደ ላይ መውጣቱን አቁሞ ወደ ታች መውረድ የሚጀምርባት። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። በዚያች ቅጽበት ወደ ላይም ወደ ታችም ያለው ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ከጫፉ በፊትና በኋላ ባለችው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ገላው ከፍና ዝቅ የሚለው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ከሆነ ስድስት ያህል ፍሬሞች እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ከመላው ዝላይ ጥርት ብለው የሚወጡትም እነሱ ናቸው። ውሃው ጋ ሊደርስ ሲል ያለው ፍሬም ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ እግሩ ይደበዝዛል።

ብርሃንም ያግዛል ወይም ያበላሻል። በጠዋት ፀሐይ የስልክ ካሜራ ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚወስደው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሚሆን የሚንቀሳቀስ ሰው እንኳ ጥርት ይላል። የከተራ ምሽት ግን ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ጊዜውን ያረዝማል፤ የሚወዛወዝ ሰው ሁሉ ጭስ ይመስላል። ከምሽቱ ክሊፖች ፎቶ ስትፈልጉ ሰዎቹ ለአፍታ የቆሙበትን ፈልጉ፤ የሚሮጥ ሰው ከዚያ ሰዓት አታገኙም።

ፍለጋው ራሱ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ ክሊፑን በቪኤልሲ ክፈቱና ዝላዩ ሊጀምር ሲል አቁሙት። E ን በተጫናችሁ ቁጥር አንድ ፍሬም ወደፊት ይሄዳል፤ የወደዳችሁት ላይ ስትደርሱ በዊንዶውስ Shift+S ፎቶውን ያስቀምጥላችኋል። ብዙ ዝላይ ካለና ማነጻጸር ከፈለጋችሁ ግን የሁለት ሰከንዱን ፍሬም በሙሉ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል። ffmpeg ያለው ሰው ይህን ይጻፍ፤ ዝላዩ የሚጀምረው 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ ነው ብለን፦

```
ffmpeg -ss 00:01:12 -i zilay.mp4 -t 2 zilay_%03d.png
```

ስድሳ ያህል ፎቶ ይወጣል። በትልቁ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ደርድራችሁ እዩአቸው። ተከታታይ ፍሬሞች ተመሳሳይ ቢመስሉም ጥራታቸው እኩል አይደለም፤ ቪዲዮ ሲጨመቅ አንዳንዱ ፍሬም በሙሉ ይቀመጣል፣ ሌላው ከጎረቤቱ የተለወጠው ብቻ ተመዝግቦ ይሞላል። ስለዚህ አንዱ ላይ ዓይኑ ጭጋግ ከሆነ ወደ ቀጣዩ እለፉ እንጂ እሱን ለማስተካከል አትድከሙ።

ኮምፒውተር የሌለው በስልኩ ስክሪንሾት ማንሣት ይችላል። ስልኩን አግድም አዙሩት፣ የማጫወቻው ቁልፎች ከምስሉ ላይ እስኪጠፉ ጠብቁ፣ ከዚያ አንሡ። የሚወጣው ፎቶ ግን ከስክሪኑ ልክ አያልፍም፤ የ4ኬው ትርፍ እዚህ ላይ ይቀራል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ፎቶው ሲወጣ ቀለሙ አመድ የለበሰ ከመሰለ ክሊፑ በኤችዲአር የተቀረጸ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለውን ከኤዲት ፕሮግራማችሁ ውስጥ አውጡት፤ አብዛኞቹ ቀለሙን ወደ ተለመደው ይመልሱታል። ለሚቀጥለው ዓመት ኤችዲአሩን ከስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ውስጥ አጥፉት።

ከብዙ ቆንጆ ፍሬም አንዱን መምረጥ

ስድስቱ ፍሬሞች ፊታችሁ ናቸው። አሁን የምታዩት ዘላዩን አይደለም፣ ከጀርባው ያለውን ነው። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ነጭ ለብሷል፤ ዘላዩም ነጭ ሸሚዝ ከለበሰ ነጭ በነጭ ላይ ይጠፋል። የድሮው ግንብ ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ግን ጠቆር ያሉ ናቸው። የሰውየው ራስና ትከሻ ሥሮቹ ላይ ወይም ሰማዩ ላይ የሚያርፍበትን ፍሬም ምረጡ፤ አንድ ፍሬም ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት እዚህ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ስትቆርጡ ከሥሩ ያለውን ውሃ አታስወግዱ። ብዙ ጀማሪ ፊት ለማቅረብ ብሎ ሰውየውን ብቻ ያስቀራል፤ ያኔ ዘላይ መሆኑ ይቀርና እጁን የዘረጋ ሰው ይሆናል። ውሃው ካለ ነው ገና እንዳልደረሰ የሚታወቀው። ወደሚሄድበት አቅጣጫም ባዶ ቦታ ተዉለት። ከግራ ወደ ቀኝ ከዘለለ ግራው ላይ አስቀምጡት። የቀኙ የታች ጥግ ላይ ዩቲዩብ የቪዲዮውን ርዝመት ስለሚለጥፍ እዚያ ውሃ ብቻ ቢኖር የሚጎድል የለም፤ ፊት ወይም ጽሑፍ ግን አይቀመጥበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው እርማት ትንሽ ነው። የጀርባውን ብርሃን ትንሽ ቀነስ፣ የዘላዩን ትንሽ ጨመር። ነጠላው በፀሐይ ነጭ ወረቀት መስሎ ከወጣ ግን መመለሻ የለውም፤ ቪዲዮው ያልያዘውን ጥለት ማስተካከያ አያመጣውም፣ ሌላ ፍሬም ፈልጉ። ቀይ ቀስትና ቀይ ክብ የሚለጥፉ አሉ። መሀል አየር ላይ ያለን ሰው ለማየት ቀስት የሚያስፈልገው ዓይን ያለ አይመስለኝም፤ በበዓል ፎቶ ላይ ደግሞ ያስከፋል።

የአንዱን ፍሬም ዘላይ ከሌላው ክሊፕ ሕዝብ ጋር ቆርጦ መቀጠልም ይቅር። ዩቲዩብ ቪዲዮው ውስጥ የሌለውን አለ የሚል ተምኔል ይከለክላል። ከዚያ በፊት ግን ጎንደሬው ራሱ ይይዛችኋል፤ የትኛው ዛፍ ከየትኛው ግንብ እንደሆነ ያውቀዋል። በተምኔሉ ላይ ፊቱ ጎልቶ የሚታየውን ሰው ደግሞ ጠይቁት። ውሃ የነካው ልብስ ገላ ላይ ይለጠፋል፤ ብዙ ሺህ ሰው እንዲያየው የማይፈልግ ይኖራል። ካላገኛችሁት ፊቱ ወደ ውሃው የዞረበትን ፍሬም ውሰዱ፤ ከሕፃናት ፎቶ ደግሞ ራቁ።

ፊደል ሲያንስ

ርዕሱ «የጎንደር ጥምቀት፦ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ» ከሆነ ተምኔሉ ላይ «ጥምቀት» ብሎ መድገም ቦታ ማባከን ነው። ሁለት ቃል ይበቃል፤ ርዕሱ ያልነገረውን ይናገሩ። እኔ «ውሃው ተባረከ» እላለሁ፤ ሰውየው ለምን እንደዘለለ በሁለት ቃል ይነግራል።

የኛ ፊደል እዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። የላቲን ፊደል በወፍራም ጥቁር ጠርዝ ሲከበብ ይነበባል፤ የኛው ግን ልዩነቱን የሚሸከመው በትንንሽ እግርና ቀለበት ነው። ባ የቀኝ እግሩ ረዝሞ ካልታየ በ ይሆናል፤ ወፍራም ጠርዝ የእግሮቹን መካከል ሲሞላው ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ጠርዝ ሳይሆን ጠቆር ያለ ቦታ ፈልጉ። ጽሑፉን ሥሮቹ ላይ ወይም በትንሹ ያጨለማችሁት ሰማይ ላይ አስቀምጡት፤ ካስፈለገ ለስላሳ ጥላ ጨምሩ። Noto Sans Ethiopic በተለያየ ውፍረት በነፃ ይገኛል፤ ደመቅ ያለውን ውሰዱ፣ ከሁሉ የወፈረውን ግን ሳትፈትኑ አትጠቀሙ። በስልክ ለምትሠሩ PixelLab ከውጭ ፎንት ማስገባት ይፈቅዳል።

ፈተናው እንዲህ ነው። የተጠናቀቀውን ተምኔል ወርዱ 168 ፒክስል እስኪሆን፣ ማለትም ከስምንት አንድ ያህል፣ አሳንሱት። ይህ ከቪዲዮ ጎን በሚደረደሩት ጥቆማዎች ላይ የሚታይበት መጠን ገደማ ነው። ቪዲዮውን ላላየ ሰው አሳዩትና «ምን አየህ?» ብቻ በሉት። «ሰው ውሃ ውስጥ ሊገባ ነው» ካለ አለቀ። «ሕዝብ» ካለ ዘላዩ ትንሽ ነው፣ ወደ ቆረጣው ተመለሱ። ጽሑፉን ማንበብ ካቃተው አንዱን ቃል አስወጡ። ፋይሉን በጄፔግ፣ ከ2 ሜጋባይት በታች አድርጋችሁ አስቀምጡ። የራሳችሁን ተምኔል ለመጫን ቻናሉ በስልክ ቁጥር የተረጋገጠ መሆን እንዳለበትም አትርሱ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች

ተመልካቹ የነካው ፎቶውን አይቶ ነው። ስለዚህ መክፈቻው መጀመሪያ የሚያደርገው ያ ፎቶ እውነት መሆኑን ማሳየት ነው፤ አርማውም ሰላምታውም ከዚያ ወዲያ ይደርሳሉ፣ ባይደርሱም ግድ የለም። ደግሞ አስቡት፣ ዩቲዩብ የፊት ገጹ ላይ ቪዲዮዎችን ያለ ድምፅ ያጫውታል። መክፈቻችሁ ድምፁ ቢጠፋም የሚገባ መሆን አለበት፤ በንግግር ብቻ የሚጀምር መክፈቻ እዚያ ላይ ከንፈር የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው።

ተምኔል ያደረጋችሁትን ፍሬም በኤዲት መስመሩ ላይ ፈልጋችሁ አግኙት። ከእሱ ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ሂዱና ቪዲዮውን ከዚያ ጀምሩ። ወጣቱ ጠርዙ ላይ ይንደረደራል፣ ይነሣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ በዚያው ፍሬም ይቁም። በካፕከት ስልክ ላይ Freeze የሚለው ይህን ያደርጋል፤ ግን በራሱ የሚሰጣችሁ ረዥም ነው፣ ከአንድ ሰከንድ በታች አሳጥሩት። ሲቆም የሕዝቡ እልልታም አብሮ ይቆረጥ። ድንገተኛው ጸጥታ ድምፅ ለሚሰማው፣ የቆመው ምስል ለማይሰማው ይሠራል።

ከዚያ ውሃ ውስጥ አትክተቱት። ወደ ሦስተኛው ሰከንድ ደርሰናል። አሁን ከሌሎቹ ቀናት የወጡ ሦስት ፎቶዎች ይከተሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል፦ ከከተራው የተዘረጋ ጃንጥላ፣ ከሌሊቱ ሊለኮስ ያለ ሻማ፣ ከጠዋቱ ከፍ ያለ የከበሮ መቺ እጅ። ሦስቱም በዚያው ሕግ የተመረጡ ናቸው፣ ድርጊታቸው አላለቀም። ቅደም ተከተላቸው የበዓሉን ሂደት የተከተለ ስለሆነ ተመልካቹ ሳይነገረው ከጠርዙ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ እየመጣ መሆኑን ይረዳል። የቆመ ፎቶ ቪዲዮ ውስጥ እንዳይሞት ከ100 ወደ 104 በመቶ ቀስ ብሎ እንዲቀርብ አድርጉት። ወርዱ 1920 በሆነ ቪዲዮ ላይ ከዚያው ቀረጻ የወጣን ፎቶ ከ110 በመቶ በላይ ስታቀርቡ መፍዘዙ ይታወቃል።

ከሦስቱ ፎቶዎች በታች የከበሮው እውነተኛ ድምፅ ይሂድ፤ ከክሊፑ የወጣው እንጂ ከመዝሙር አልበም የተወሰደ አይሁን፣ የባለመብት ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። ስምንተኛው ሰከንድ ላይ የውሃው ፍንጥቅጣቂ ድምፅ ብቻ ይሰማ፣ ምስሉ ግን ገና ማንም ያልገባበት ጸጥ ያለው መዋኛ ይሁን። መዋኛው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ለበዓሉ ነው ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላው። ሲሞላ የቀረጸ ሰው በመካከላችሁ ካለ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም። በላዩ ላይ «ጥር 10፣ ከተራ» ብላችሁ ጻፉ፤ ታሪኩ ተጀመረ።

ዝላዩ ሙሉ ሆኖ የሚታየው መቼ ነው? ብዙዎች መጨረሻ ላይ ያስቀምጡታል፤ አልስማማም። በዘጠኝ ደቂቃ ቪዲዮ ስምንተኛው ደቂቃ ድረስ የሚጠብቅ ጥቂት ነው፤ የቀረው ጣቱን ወደፊት ይገፋል። ከተራውን በሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ሌሊቱን በአንድ ደቂቃ ጨርሳችሁ አራተኛው ደቂቃ ላይ ውሃው ጋ ድረሱ። የቀሩት አምስት ደቂቃዎች ሌሎቹን ዘላዮች፣ የታቦታቱን መመለስና ቃና ዘገሊላን ይይዛሉ።

ከወጣ በኋላ

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ላይ ለአንድ ቪዲዮ እስከ ሦስት ተምኔል አወዳድሮ ይፈትንላችኋል፤ የሚዳኘውም በተነካው ብዛት ሳይሆን በታየበት ጊዜ ነው። ሦስት ፍጹም የተለያየ ፎቶ ከመስጠት የዚያኑ ዝላይ ሁለት ቆረጣ፣ አንዱን ከጽሑፍ ጋር አንዱን ያለ ጽሑፍ፣ ደግሞ የሻማውን ፎቶ ስጡት። ያኔ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ይገባችኋል።

ሁለት ቁጥሮችን አብራችሁ አንብቡ። አንዱ ተምኔሉን ካዩት መካከል ስንቱ እንደነካው ነው፤ ዩቲዩብ እንደሚለው ግማሾቹ ቻናሎችና ቪዲዮዎች ከ2 እስከ 10 በመቶ መካከል ናቸው። ሌላው 30ኛው ሰከንድ ላይ ስንቱ እንደቀረ ነው። ብዙ ሰው ነክቶ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ከወጣ ጥፋቱ የመክፈቻው ነው፣ ፎቶው ያለውን አላሳየም ወይም ዘግይቷል። የነካው ጥቂት፣ የቀረው ብዙ ከሆነ መክፈቻውን አትንኩት፣ ተምኔሉን ለውጡ። የተመልካቹን ብዛት የሚያሳየው መስመር አራተኛው ደቂቃ ላይ ጉብታ ካወጣ ሰዎች ወደ ዝላዩ እየዘለሉ ነው፤ ከፊቱ ያለው ረዝሟል።

ተምኔሉ በፈለጋችሁ ጊዜ ይለወጣል። ቪዲዮው ግን ከወጣ በኋላ በዚያው ሊንክ በሌላ አይተካም፤ በዩቲዩብ ስቱዲዮ መቁረጥ ይቻላል፣ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ መክፈቻውን ስትሠሩ ከሦስቱ ፎቶዎች አንዱ ወይም ሁሉም ቢወጡ ምስሉም ድምፁም እንዳይሰበር አድርጋችሁ አቀናብሩት፤ በተለይ የከበሮው ድምፅ በእያንዳንዱ ፎቶ መጀመሪያ ላይ ምቱን ይዞ ይነሣ፣ የትም ብትቆርጡት እንዲገጥም።